«ስኳር ነው» ለተባለው ማራችን የጻፍነው መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ማርና ቅቤ የምንሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ከእህቴ ጋር እናስተዳድራለን። በጉግል ማፕ ላይ ያለው የሱቃችን ገጽ ብዙ አስተያየት የሚሰጥበት ስላልሆነ አንድ ሰው በክረምቱ አጋማሽ አንድ ኮከብ ሲሰጠን አማካዩ ወዲያው ዝቅ ብሎ ታየ። ከኮከቡ ሥር የተጻፈው ግን ከአማካዩ ይልቅ የሚያሳስብ ነበር። ሰውን የሚያሳውቀውን ነገር ትቼ ቃሉን እንዳለ አሰፍረዋለሁ፦

«ከዚህ ሱቅ ነጭ ማር ገዝቼ ነበር። ወር ሳይሞላው ታችኛው ግማሽ ስኳር ሆኖ ረጋ፣ ላዩ ደግሞ ውሃ ሆነ። ስኳር ቀላቅለው ነው የሚሸጡት። ስደውል ስልክ አያነሱም። ሌቦች ናቸው፣ እንዳትታለሉ።»

ማር የሚሸጥ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ሊባል አይችልም። ዳቦ ቤት «ዳቦው ደርቋል» ቢባል ነገ ትኩስ ዳቦ ጋግሮ ይረሳል፤ ማር ሻጭ ግን «ስኳር ይቀላቅላል» ከተባለ ገዢው በሱቁ ውስጥ ቆሞ በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጥበት መንገድ ስለሌለው ጥርጣሬው አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ዝም ማለት እንደማይበጅ ወዲያው ተስማማን። ምን ብለን እንደምንመልስ ግን ለመስማማት ጊዜ ወሰደብን፤ ይህን የምጽፈውም ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ነጋዴ ያሰብንበትን መንገድ አይቶ የሚጠቅመውን እንዲወስድ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው አስተያየቱን ወደ ክፍሎቹ መለየት ነው። በእነዚያ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ በባሕርያቸው የተለያዩ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛው ደንበኛው በዓይኑ ያየው ነው፦ ማሩ ከታች ረግቷል፣ ከላይ ቀጥኗል። ሁለተኛው ካየው ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው፦ ስኳር ተቀላቅሏል። ሦስተኛው ስለ አገልግሎታችን የተናገረው ነው፦ ስልክ አናነሣም። አራተኛው ስድብ ነው። እነዚህን አንድ ላይ አጥፎ «ሐሰት ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከአራቱ የመጀመሪያው እውነት ነበር። ደንበኛው ያየውን ማየቱን አልተጠራጠርንም፤ ነጭ ማር ለሚሸጥ ሰው ይህ በየክረምቱ የሚታይ ነገር ነው። እውነት የሆነውን ከሐሰቱ ጋር አብረን ብንክድ ኖሮ በቤቱ የረጋ ማር ያለው አንባቢ ሁሉ የምንዋሸው እኛ እንደሆንን ይፈርድ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ለስልክና ለኢንተርኔት ነገር ከእኛ ይልቅ ቅርብ ነው። «ለምን ትደክማላችሁ፣ ሪፖርት አድርጉትና ይጥፋ» አለን። ይህን ብዙ ነጋዴ ስለሚያስበው ትንሽ ልቆይበት። ጉግል አስተያየት የሚያነሣው የራሱን ደንብ ሲጥስ ነው፤ ለምሳሌ ሱቁን ጨርሶ የማያውቅ ሰው የሐሰት አስተያየት ሲጽፍ፣ ተፎካካሪ ነጋዴ ወይም የቀድሞ ሠራተኛ ለጥቅሙ ወይም ለበቀል ሲጽፍ፣ ጸያፍ ቃል ወይም ዛቻ ሲኖርበት፣ ወይም ጽሑፉ ከሱቁ ጋር ግንኙነት የሌለው ሲሆን ነው። ሻጭና ገዢ በተፈጸመው ነገር ላይ ሲለያዩ ግን ማን ትክክል እንደሆነ አይዳኝም። የእኛ ጉዳይ ከዚህ ከኋለኛው የሚመደብ ነበር። «ሌቦች» የሚለው ቃል ብቻውን ሪፖርት ሊያስደርግ ይችል ይሆናል፤ ውጤቱ ግን እርግጠኛ አይደለም፣ እስኪታይም ድረስ አስተያየቱ ያለ መልስ ይቆያል። ሪፖርቱን ሊያደርግ የሚፈልግ ያድርግ፣ ነገር ግን መልሱን በዚያ ምክንያት አያዘግይ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቀጥሎ መልሱ የሚጻፈው ለማን እንደሆነ መወሰን ነበረብን። ጉግል የባለቤቱን መልስ ለአስተያየት ሰጪው ያሳውቀዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ሊሆን ይችላል። ከእሱ በኋላ የሚያነቡት ግን ማር ሊገዙ አስበው ከስልካቸው ላይ ሱቅ የሚመርጡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች እኛንም እሱንም አያውቁም። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ አይጓጉም፤ የሚፈልጉት «ማር ገዝቼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ አንድ ነገር ቢፈጠር እነዚህ ሰዎች እንዴት ያስተናግዱኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ከዚህ በመነሣት አንድ መመዘኛ ያዝን፤ ዐረፍተ ነገሩ ለዚያ ለማናውቀው ገዢ የሚነግረው ነገር ከሌለ፣ ለእኛ ብስጭት ማስታገሻ ብቻ ከሆነ፣ ይወጣል።

አሁን ወደ ማሩ ልግባ፤ መልሱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። ማር በአብዛኛው ከሁለት ስኳሮች፣ ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ፣ እንዲሁም ከውሃ የተሠራ ነው። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ውሃው በተፈጥሮው ሊያሟሟው ከሚችለው በላይ ስለሆነ፣ ጊዜ ሲያገኝ ከውሃው ተለይቶ እንደ ደቃቅ በረዶ ይጠጥራል። ከፍሩክቶስ አንጻር ግሉኮሱ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፤ ፍሩክቶሱ የበዛበት ረጅም ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ንቡ የቀሰመው አበባ ነው። እኛ የምንሸጠው ነጭ ማር ከማሻና ከአካባቢው ደን የሚመጣ ሲሆን በአብዛኛው የሚገኘው ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ነው፤ ይህ ማር ሲረጋ ነጭ ቅቤ የሚመስል መልክ ይይዛል። ሙቀቱም ድርሻ አለው። ማር በጣም ቶሎ የሚረጋው በ14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ያለ መደርደሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በግንቦት ጥርት ብሎ የተገዛ ማር በነሐሴ ግማሹ ቢረጋ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ደንበኛው ያየው «ላዩ ውሃ ሆነ» የሚለውም በዚሁ ይገለጣል። የግሉኮሱ ጠጣር ቅንጣቶች ከቀሪው ፈሳሽ ስለሚከብዱ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ግሉኮሱ የወጣለት ፈሳሽ ደግሞ ከድሮው ይልቅ ቀጥኖ ከላይ ይቀራል። አንድ ማር በጠርሙስ ውስጥ ሁለት ነገር መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የማያውቅ ሰው ከታች ያየውን ስኳር፣ ከላይ ያየውን ውሃ ቢለው አልፈርድበትም፤ የማያፈናፍነውን «ሌቦች» የሚለውን ነው የምቃወመው።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ አደገኛ ዐረፍተ ነገር አለ። ብዙ ማር ሻጭ፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ «ማር መርጋቱ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጣል፣ የተቀላቀለ ማር አይረጋም» ይላል። እህቴም በመልሱ ላይ እንዲገባ የፈለገችው መጀመሪያ ይህንኑ ነበር፤ አጭርና የሚያሳምን ስለሆነ። ነገር ግን ትክክል አይደለም። ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ሊረጋ ይችላል፣ ንጹሕ ሆኖ ዓመት ሙሉ የማይረጋ ማርም አለ። መርጋት ቅልቅልነትን አያረጋግጥም፤ ንጽሕናንም አያረጋግጥም። ደንበኛው ከመርጋቱ ተነሥቶ «ስኳር ነው» ብሎ የሠራውን ስሕተት እኛ ገልብጠን «ስለረጋ ንጹሕ ነው» ብለን ብንሠራው፣ ነገሩን የሚያውቅ አንድ አንባቢ ከሥር ገብቶ ሊያርመን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የተቀረው መልሳችን ሁሉ ዋጋ ያጣል። ክብሪት በማር ነክሮ መጫርን፣ ማርን በብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግንም በዚሁ ምክንያት አላነሣንም። እነዚህ ሙከራዎች ቢበዛ የማሩን የውሃ መጠንና ውፍረት ይነኩ እንደሆነ እንጂ ስኳር መቀላቀሉን አይለዩም።

ታዲያ ምን ማስረጃ ይቀራል? የላቦራቶሪ ወረቀት። ከሚያቀርብልን ሰው የምንረከበውን ነጭ ማር ከየጭነቱ ናሙና አስመርምረን ውጤቱን በሱቁ እናስቀምጣለን። ዓለም አቀፉ የኮዴክስ የማር ደረጃ በአብዛኛው ማር ላይ ሱክሮስ፣ ማለትም የምንጠቀምበት የወጥ ቤት ስኳር፣ ከ100 ግራም ማር ውስጥ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፣ የውሃው መጠንም ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የእኛ ጭነት ከሁለቱም ወሰኖች በታች ነበር። ሆኖም በዚህም ላይ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። የሱክሮስ ምርመራ ስኳር በጥሬው ማር ላይ የጨመረን ሰው ይይዛል፤ ንቡን በስኳር ውሃ የመገበን ወይም አስቀድሞ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተለወጠ ሽሮፕ የጨመረን ግን ሊያመልጠው ይችላል። የሸንኮራ አገዳና የበቆሎ ስኳርን ለመለየት የካርቦን አይሶቶፕ ምርመራ የሚባል ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ የእኛ ወረቀት እሱን አይጨምርም። ስለዚህ በመልሱ ውስጥ «መቶ በመቶ ንጹሕ» የሚል ቃል እንዳይገባ ወሰንን። የጻፍነው ወረቀቱ የሚለውን ብቻ ነው። ጽኑ መልስ ማለት ብዙ የሚናገር መልስ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን በኋላ ወደ ኋላ የማያስመልስ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስልኩ ደግሞ ብዙ አልልም። የሱቁን ስልክ የጥሪ መዝገብ ተመለከትነው፤ ያልተነሡ ጥሪዎች ያሉት እሑድ ቀንና ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ነው። «ዋሽተዋል፣ አልደወሉም» ለማለት ግን የደዋዩን ቁጥር ከአስተያየት ሰጪው ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ አናውቅም። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችንን ጽፈን፣ ከዚያ ውጭ ደውለው ከሆነ ሳያገኙን ሊቀሩ እንደሚችሉ ገልጸን አለፍነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የደንበኛውን ማንነት የሚመለከተው ነው። እህቴ ከጽሑፉ ተነሥታ ሰውዬውን የምታውቀው መሰላት፤ ምን ያህል ኪሎ እንደገዛ፣ ዋጋ እንዴት እንደተከራከረ ሁሉ ታስታውሳለች። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «እሱን ጻፉት እንጂ! ስንት ብር አስቀንሶ ወስዶ ነው አሁን እንዲህ የሚለው?» አለ። እህቴም «አንተ ደግሞ፣ ባይሆንስ?» አለችው። ትክክል ነበረች። እሱ ባይሆን ያልበደለን ሰው ጓዳ ገለጥን ማለት ነው። እሱ ቢሆንም እንኳ፣ ሌላው አንባቢ የሚያየው ቅር የተሰኘ ደንበኛ የገዛውንና የተከራከረውን ዋጋ አደባባይ የሚያወጣ ሱቅ ነው። ማን ነው ከዚያ በኋላ ቅር ሲለው ለእንዲህ ያለ ሱቅ ደውሎ የሚናገር? በመልሳችን ውስጥ ደንበኛው ራሱ ካልጻፈው በቀር ስለ እሱ ምንም ነገር የለም፤ በገጹ ላይ የተጠቀመበትን ስም እንኳ አልጠራንም።

ሱቃችን አጠገብ ለረጅም ዘመን ቅመማ ቅመም የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ረቂቁን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «ልጄ፣ ሁሉም ደግ ነው፤ ግን ሌባ ተብለሽ ሌባ እንዳልሆንሽ የት ላይ ነው የተናገርሽው?» አሉኝ። በእርግጥም በዚያ ረቂቅ ውስጥ ስለ ማሩ በደንብ አስረድተን ስድቡን እንዳልሰማ አልፈነው ነበር፤ ትሕትና ያሳየን መስሎን። እርሳቸው እንዳሉት ግን ስድብን በዝምታ ማለፍ ለማያውቀን አንባቢ መቀበል ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርን፤ አንድ ብቻ። ሁለት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከማሩ ወደ እኛ ክብር ይዞር ነበር።

በመጨረሻ በሱቁ ስም ያወጣነው መልስ የሚከተለው ነው።

«ክቡር ደንበኛችን፣ የገዙት ማር እንዳልጠበቁት ሆኖ በማግኘትዎ ቅር መሰኘትዎን ተረድተናል፤ ያዩትንም ነገር ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። የምንሸጠው ነጭ ማር በቀዝቃዛ ወራት ከታች መርጋቱና ከላይ መቅጠኑ እውነት ነው። ይህ የሚሆነው በማሩ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ግሉኮስ በቅዝቃዜ ጊዜ ጠጥሮ ስለሚወርድ ነው። መርጋቱ ብቻውን ስኳር ተቀላቅሏል ወይም አልተቀላቀለም ለማለት አያስችልም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ጭነት ናሙና በላቦራቶሪ እናስመረምራለን። በዚህ ወቅት የሸጥነው ማር የሱክሮስ መጠኑ ለማር ከተፈቀደው ወሰን በታች ነው። ወረቀቱ በሱቃችን ስለሚገኝ እርስዎም ሆኑ ማንኛውም ደንበኛ ጠይቆ ማየት ይችላል።

«የገዙትን ማር ከነዕቃው ቢያመጡልን በፊትዎ ናሙና ወስደን፣ አሽገንና ተፈራርመን እርስዎ በመረጡት ላቦራቶሪ እናስመረምረዋለን፤ ወጪውን እኛ እንከፍላለን። ውጤቱ ከተፈቀደው በላይ ስኳር ካሳየ የከፈሉትን ገንዘብ እንመልሳለን፣ ውጤቱንም በዚሁ ቦታ እንጽፋለን። ማሩን እንደገና ፈሳሽ ለማድረግ ከፈለጉ ጠርሙሱን እጅ በሚችለው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ በእሳት ላይ እንዳይጥዱት።

«ስልካችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው አንድ ሰዓት ይሠራል፤ ከዚህ ውጭ ደውለው ሳያገኙን ቀርተው ከሆነ እናዝናለን። ስለ ምርታችን የሚቀርብን ቅሬታ ሁሉ በደስታ እንቀበላለን፤ ‹ሌቦች› መባልን ግን አንቀበልም፣ ማሩን ስኳር ቀላቅለን አልሸጥንምና። በሱቃችን እንጠብቅዎታለን።»

በዚህ መልስ ውስጥ አንዳንድ ቃላት የተመረጡበት ምክንያት አለ። «ቅር መሰኘትዎን ተረድተናል» እንጂ «ይቅርታ እንጠይቃለን» አላልንም። ስለ ማሩ ይቅርታ ብንጠይቅ አንባቢው ጥፋት እንዳለብን አድርጎ ይወስደዋል፤ ቅሬታውን ግን አለመረዳት ጭካኔ ነው። «እናዝናለን» የሚለውን ያስቀመጥነው ስልኩ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ማለት የሚገባ ስለሆነ። ደንበኛው «አንተ» ብሎ እንኳ ሳይጠራን ሰድቦናል፤ እኛ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርስዎታ ጻፍን። የአክስቴ ልጅ ይህን ማጎብደድ አድርጎ አየው። ነገር ግን በእርስዎታ የተነገረ «አንቀበልም» በአንተታ ከተነገረ ዛቻ ይልቅ ይከብዳል።

የምርመራውን ነገር ስንጽፍ ደግሞ ቃል የገባነውን በእርግጥ ልንፈጽመው እንደምንችል አስቀድመን አጣራን። ላቦራቶሪው ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ምን ያህል ማር እንደሚፈልግ ጠየቅን። ናሙናው በሁለታችን ፊት መታሸግ ያለበት ሁለታችንም ከዚያ በኋላ «ተለውጧል» ማለት እንዳንችል ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አንባቢው ዘሎት አያልፍም፤ የሚቀላቅል ሰው የራሱን ማር በገዢው ፊት አሽጎ ለምርመራ ሊሰጥ እንደማይደፍር ያውቃልና። በሌላ በኩል ገንዘቡን ያለ ምንም ሁኔታ እንመልሳለን አላልንም። እንዲያ ብንል ኖሮ፣ አንድ ኮከብ ሰጥቶ ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል በአደባባይ ያስተማርን ይመስለኛል።

ያላደረግናቸው ነገሮችም አሉ፣ ሁሉም በሰው የተመከሩን ናቸው። አንደኛው ዘመድ ወዳጅ ሁሉ አምስት ኮከብ እንዲሰጥ መጥራት ነበር። ያልገዛ ሰው ገዛሁ ብሎ መጻፉ ሐሰት ከመሆኑም በላይ የጉግልን ደንብ ይጥሳል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወረደ የምስጋና ክምር ደግሞ ለማንም አንባቢ ግልጽ ነው። ሌላው ለደንበኛው በግል መልእክት አስተያየቱን ቢያነሣ አንድ ኪሎ ማር እንደምንሰጠው መንገር ነው። ጥቅም ሰጥቶ አስተያየት ማስቀየር ያው ደንብ የሚከለክለው ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ ደንበኛው ያንን መልእክት ፎቶ አንሥቶ ቢለጥፈው «ለካ እውነት ነው» የማይል አይኖርም። በስም ማጥፋት እንከሳለን የሚለውም ተነሥቶ ነበር። ክስ የሚያስብ ሰው ጠበቃ ያማክር፤ ዛቻውን በአስተያየት መልስ ላይ መጻፍ ግን የሚያስፈራው አስተያየት ሰጪውን አይደለም፣ ነገ ሊገዛ የሚመጣውን ነው።

መልሱ ከወጣ በኋላ ደንበኛው አልመጣም፣ አልደወለምም። ወረቀቱን አሳዩኝ ብለው የጠየቁ ሌሎች ግን ነበሩ፤ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጠጅ ሊጥሉ ማር ሲገዙ «ያ የጻፋችሁት ወረቀት የታለ?» ብለው መነጽራቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ወዲህ የምርመራውን ውጤት ከመሳቢያ አውጥተን ከሚዛኑ አጠገብ በላስቲክ ሸፍነን አቆምነው። ነጭ ማር የሚገዛ ሰውም ሳይጠይቀን በክረምት እንደሚረጋ፣ ሲረጋም ምን እንደሚያደርግ ስንመዝን እንነግረዋለን። ሰው አስቀድሞ የተነገረውን ነገር ሲያይ እንደተባለው ሆነ ይላል፤ ያልተነገረውን ሲያይ ግን እንደተታለለ ይሰማዋል።

አንድ ነገር ግን ያላሰብነው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደንበኛው የራሱን አስተያየት አስተካከለው። ኮከቡ አንድ እንደሆነ ቀረ፣ ስለ መርጋቱና ስለ ስልኩ የጻፈውም አለ፤ «ስኳር ቀላቅለው ነው የሚሸጡት» የሚለው «ስኳር የተቀላቀለ ይመስለኛል» ሆነ፣ «ሌቦች ናቸው» የሚለው ደግሞ ጨርሶ ወጣ። ምክንያቱን አልጻፈም። ችግሩ የእኛ መልስ ከሥሩ እንደነበረ መቀጠሉ ነው፤ አዲስ የሚያነብ ሰው «‹ሌቦች› መባልን አንቀበልም» የሚለውን ሲያይ ማንም እንዲህ ሳይለን ስድብ የፈጠርን ያስመስለናል፣ ደንበኛውንም ራሱ በተወው ቃል እየደጋገምን የምንከስሰው ይመስላል። የባለቤት መልስ እንደ አስተያየቱ ሁሉ ሊስተካከል ስለሚችል ያንን ዐረፍተ ነገር አውጥተን «ማሩን ስኳር ቀላቅለን አልሸጥንም» የሚለውን ብቻ ተውን፤ ምርመራውን በተመለከተ የገባነውን ቃልም እንደጸና አቆየነው። የቀደመውን አስተያየትና መልስ የስክሪን ፎቶ ከቀኑ ጋር አስቀምጠናል። ይህን ለማንም ልናሳየው አይደለም፤ አስተያየቱ እንደገና ቢለወጥ መልሳችን ከምን ጋር ይናበብ እንደነበር እኛው እንድናውቅ ነው። አሁን በወሩ መጀመሪያ ገጹን ስንመለከት ከእያንዳንዱ መልሳችን በላይ ያለው አስተያየት መልሱን በጻፍንበት ቀን እንደነበረ መሆኑንም አብረን እናያለን።